የሄድፎን አፕዴት 47 ፐርሰንት ላይ ቆመ፤ ላጥፋው ወይስ ልጠብቅ?

ሜሪ፣ ሐዋሳ
ሄድፎኔን በስልኬ አፕ በኩል አፕዴት እያደረግኩ መብራት ጠፋና ዋይፋዩ ተቋረጠ። 47 ፐርሰንት ላይ ቀጥ ካለ ግማሽ ሰዓት ሆነው። ባጠፋው ይበላሽብኛል?

ቢኒ
አይዞሽ፣ ሪሴት አድርጊው። የማብሪያውን ቁልፍ ይዘሽ ቆዪ፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

የመናኸሪያው ጠጋኝ
ቢኒ፣ ሪሴት ብሉቱዝ አልገናኝ ሲል ጥሩ ነው። አፕዴት መሃል ላይ ግን አትቸኩሉ። እህቴ፣ ሙዚቃ ብትከፍቺበት ይሰማል?

ሜሪ
ይሰማል። የሄድፎኑ መብራትም እንደ ወትሮው ነው።

የመናኸሪያው ጠጋኝ
እንግዲያው ተርፈሻል። አፕዴት ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፋይሉ ከስልክሽ በብሉቱዝ ይሻገራል። ብዙ ሄድፎኖች ይህን ጎን ለጎን ያስቀምጡታል፤ አሮጌው ሶፍትዌር አይነካም። ሙዚቃ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሄድፎኑ ራሱ አዲሱን ይጭናል። ያኔ ድምፅ ይጠፋል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እዚያ ላይ ማጥፋት ነው የሚያስፈራው፤ ቢዘገይም አትንኪው።

ዋይፋዩንም ብዙ አልጠረጥርም። አፑ ብዙ ጊዜ ፋይሉን አስቀድሞ ወደ ስልኩ ያወርዳል። የበለጠ የምጠረጥረው የስልክሽን ባትሪ ቆጣቢ ነው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ያስተኛዋል። ቆጣቢውን አጥፊ፣ ላፕቶፕም ተገናኝቶ ከሆነ አላቅቂ። ሄድፎኑ ከግማሽ በላይ ቻርጅ ይኑረው። ከዚያ አፑን ዘግተሽ እንደገና ጀምሪ፣ ስልኩንም አጠገቡ አስቀምጪ።

ሄኖክ፣ አዳማ
የኔ ኤርበድ ከአፕዴት በኋላ ግራው ጭራሽ አይሰማም። ለኔም ይሠራል?

የመናኸሪያው ጠጋኝ
ያንተ ሌላ ነው። አንዱ ጆሮ ታድሶ ሌላው አሮጌው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ አስገብተህ ቻርጅ አድርግ፣ ከዚያ አፑ ላይ የሁለቱን ቨርዥን እይ።

ሜሪ
እንዳልከው አደረግኩ፣ ግን አሁንም 47 ላይ ቆመ!

የመናኸሪያው ጠጋኝ
ያው ቁጥር ላይ ከቆመ ፋይሉ ሳይበላሽ አይቀርም። ብሉቱዙ ቢሆን ቦታው ይለዋወጥ ነበር። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የአፑን ስቶሬጅ አጽጂ፣ ፋይሉን በዳታ ከአዲስ አውርጂ። መልሰሽ ሎግ ኢን ማድረግ ይኖርብሻል።

ሜሪ
አለፈ! 100 ደረሰ፣ ድምፁ ጠፍቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሳልነካው ተወኩት። አሁን ተነስቷል፣ አዲሱን ቨርዥንም ያሳያል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ።

ሄኖክ፣ አዳማ
ቨርዥኑን አየሁ፣ የቀኙን ብቻ ነው የሚያሳየው። የግራው ቦታ ባዶ ነው። ቻርጅ መያዙንም እንጃ፣ ኬዙ ውስጥ ሳስገባው መብራቱ አይበራም።

የመናኸሪያው ጠጋኝ
የግራውን መገናኛ ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ጥረግና ኬዙ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት መብራቱ ከበራ ጻፍልኝ፤ ካልበራ ግን ጉዳዩ ከአፕዴቱ ይልቅ የባትሪ ሊሆን ይችላል።