አከራይ ኪራይ ልጨምር ሲል፣ ልቀቅ ሲል፦ ስንት ቀን ነው የሚሰጠን?

የማራኪዋ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በወር 4,500 ብር ነው። የአንድ ዓመት የጽሑፍ ውል ነበረን፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018። ካለቀ በኋላ ማንም ምንም አላለም፤ የጥቅምትንም የኅዳርንም የታኅሳስንም በባንክ ከፍያለሁ፣ ተቀብሏል። ታኅሳስ 14 ማታ ደወለና «ከጥር ጀምሮ 7,000፤ ካልሆነ በ15 ቀን ልቀቂ» አለኝ። ይህ ሕጋዊ ነው? ስንት ቀን ይገባኛል?

አዘዞ ሰፈር፦ ምን ሕጋዊ ነው! አዋጅ ወጥቷል እኮ፣ 1320/2016። የቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት በታች መሆን አይችልም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም መንግሥት በሚያወጣው መጠን። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም። ስልኩን ዘግተሽ ተኚ። 2019 መስከረም ድረስ ማንም አያንቀሳቅስሽም።

ባለ ቤቱ፦ እንዲህ እያላችሁ ነው ሰውን የምታጣሉት። የሷ አከራይ ባልሆንም እኔ ራሴ አከራይ ነኝ። ቆርቆሮ ስንት ገባ? ሲሚንቶስ? የውሃ ታንከር ለማስቀየር ያወጣሁትን ማንም አላካፈለኝም። ቤቱ የኔ ነው፣ ውሉ አልቋል፣ ዋጋውን እኔ እናገራለሁ። 15 ቀን ደግሞ ሕግ ላይ ያለ ነው። ከአየር ላይ የመጣ አይደለም።

ፒያሳ ሱቅ፦ እኔንም እንደዚሁ አድርገውኛል! ሱቄን በአንድ ጊዜ እጥፍ አሉኝ። ያ አዋጅ ለኔም ይሠራ ይሆን? የሁለት ዓመት መብት አለኝ ማለት ነው?

የችሎት ደጅ፦ ፒያሳ፣ ወንድሜ፣ አዋጁ የመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ አይመለከተውም። ያንተ ጉዳይ በውልህና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው፣ ለብቻው ጠይቀን። የእህታችንን እንጨርስ።

አዘዞ፣ ያልከው ስለ አዋጁ ይዘት ልክ ነው። የዘለልከው ግን የት እንደሚሠራ ነው። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስም ይጠቅሳል። ከዚያ ውጭ ግን ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ጎንደር የክልል ከተማ ስለሆነች ብቻ ወዲያው ተፈጻሚ ነው ብለህ እህቴን «ተኚ» ማለት አትችልም። ከተማ አስተዳደሩ የቤት ጉዳይ ክፍል ሄዳ፣ አዋጁ በከተማችን እንዲሠራ ተወስኗል ወይ፣ ውል የሚመዘግበውስ ማን ነው ብላ ትጠይቅ። በአፍ ብቻ ሳይሆን በማመልከቻ። መልሱ «አዎ» ከሆነ የአንድ ዓመት ውሏ ከዝቅተኛው ጊዜ በታች ስለሆነ ክርክሯ በጣም ይጠነክራል።

መልሱ «ገና ነው» ቢሆንስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በእሱ ልቆይ።

አከራዩ በአንድ የስልክ ጥሪ ሁለት ነገር ነው ያለው፣ ጨምሪ እና ልቀቂ። ሕጉ ዘንድ እነዚህ ለየቅል ናቸው። ዋጋ የውል ቃል ነው። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል የፍትሐ ብሔሩ 1731። ስለዚህ 7,000 ብር ሐሳብ ነው፤ እሷ እሺ ካላለች ዋጋው 4,500 እንደሆነ ይቀጥላል። አከራዩ ካልተስማማው ያለው መንገድ ኪራዩን ማቋረጥ ነው። ማቋረጥ ደግሞ በማስጠንቀቂያ ነው።

ባለ ቤቱ፦ የትኛው ውል? መስከረም 30 አልቋል እያልኩህ! የሞተ ወረቀት ነው።

የችሎት ደጅ፦ ጋሼ፣ መስከረም 30 «በቃሽ» ተብላ ቢሆን ኖሮ ልክ ነዎት። የጊዜ ገደብ ያለው ውል ጊዜው ሲደርስ ያለ ማስጠንቀቂያ ያልቃል። ግን አላሏትም። እሷ ቤቱ ውስጥ ቀረች፣ አከራዩ እያወቀ ዝም አለ፣ የሦስት ወር ኪራይ ተቀበለ። እንዲህ ሲሆን ውሉ በዝምታ እንደታደሰ ይቆጠራል። የታደሰው ግን ለሌላ አንድ ዓመት አይደለም፤ ጊዜው ላልተወሰነ ነው። ይህ ለእሷ ሙሉ ደስታ አይደለም። ማንኛውም ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው፣ ምክንያት እንኳ ሳይናገር።

አዘዞ ሰፈር፦ እና 15 ቀኑስ? ጋሼ «ሕግ ላይ ያለ» ብለዋል።

የችሎት ደጅ፦ አለ፣ ግን ለሌላ ነገር ነው። ተከራይ ኪራይ ሲያዘገይ አከራዩ «በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፈል፣ ካልሆነ ውሉ ይፈርሳል» ብሎ ይጽፍለታል። ውሉ የአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን ይሰጠዋል። 15 ቀን የምትለዋ ከዚያ ተቀንጥባ ሰፈር ለሰፈር የምትዞር ናት። እህታችን ግን አንድ ቀን አላሳለፈችም። ላልዘገየ ሰው የዘገየ ሰው ቀነ ገደብ አይሰጥም።

ቸቸላ፦ እኔ የምጠረጥረውን ልንገራችሁ። ታኅሳስ አጋማሽ ደውሎ በ15 ቀን ልቀቂ ማለት ጥር መባቻ ላይ ቤቱ ባዶ ይሁን ማለት ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። እንግዳ ሲጎርፍ ለአንድ ሌሊት የሚጠየቀውን ሁላችንም እናውቃለን። ጭማሪው ማስመሰያ ነው።

ባለ ቤቱ፦ ይህ ሐሜት ነው። ሁሉም አከራይ የጥምቀት ነጋዴ አይደለም።

ቸቸላ፦ ሁሉም አላልኩም ጋሼ።

የማራኪዋ፦ ውሉን አውጥቼ አየሁት። ተራ ቁጥር 6 ላይ «ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ወገን የሁለት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል» ይላል። ይህ ይጠቅመኛል?

የችሎት ደጅ፦ ይኸውልሽ! እሱን መጀመሪያ ማንበብ ነበረብን። እንደኔ ውሉ ሲታደስ የሚቀየረው የጊዜ ገደቡ ነው፤ ዋጋው፣ የመክፈያ ቀኑና የማስጠንቀቂያው ቃል አብረው ይሻገራሉ። ስለዚህ የስልኩ ጥሪ ማስጠንቀቂያ አይባልም፣ በጽሑፍ አልሆነማ። ነገ ታኅሳስ 20 ጽፎ ቢሰጥሽ ሁለት ወሩ የሚሞላው የካቲት 20 ነው። እስከዚያ ኪራዩ 4,500።

ባለ ቤቱ፦ ዋጋው ይሻገር ይሁን፤ ቁጥር 6 ግን ለዓመቱ የተጻፈ ነው። ዓመቱ ካለቀ ያ ቃልም አብሮ አልቋል። ዳኛ ፊት ይህን ነው የምከራከረው።

የችሎት ደጅ፦ ሊከራከሩ ይችላሉ። ዳኛም ሊሰማዎት ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ ሕጉ የራሱ ማስጠንቀቂያ እንመለሳለን፣ እሱም ከኪራይ መክፈያው ቀን ጋር ተያይዞ ነው የሚቆጠረው። በወሩ መሃል ተነስቶ «በ15 ቀን» ማለት ያኔም አያስኬድም። ግን ይህ ነጥብ አከራካሪ መሆኑን አልክድም።

አዘዞ ሰፈር፦ ቁልፍ ቢቀይርባትስ? መብራት ቢቆርጥባትስ? የኛ ሰፈር አንዱ በር ነቅሎ ነው የወሰደው። ተከራዩ ማታ ሲመጣ ቤቱ ጉሮሮው ተከፍቶ ጠበቀው።

የችሎት ደጅ፦ ማስጠንቀቂያው በደንብ ተሰጥቶ ጊዜው ቢሞላ እንኳ፣ አልወጣም ያለን ሰው በራስ ጉልበት ማስወጣት አይቻልም። «ቤቱን ይልቀቅልኝ» ብሎ መክሰስ፣ ፍርድ ማግኘት፣ ከዚያ በአፈጻጸም ማስለቀቅ ነው። በር መንቀል፣ ውሃ መዝጋት፣ ዕቃ ግቢ መጣል፣ ይህ ሁሉ አከራዩን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል። እንዲህ ቢሆን ወዲያው ፎቶ አንሺ፣ ሁለት ጎረቤት ጥሪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ።

ባለ ቤቱ፦ ፍርድ ቤት! ቀጠሮ በቀጠሮ ስንት ወር ይፈጃል? የማይከፍል ተከራይ እስኪወጣ የምበላው የማጣ እኔ ነኝ። ይህንንም ተናገሩ።

የችሎት ደጅ፦ እውነት ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ለዚያ ነው ወረቀት የሚያስፈልገው። ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፣ አንዱ ላይ ተከራዩ ደረሰኝ ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት፣ ወይም በአደራ ፖስታ ይላኩት። አከራይ በችሎት የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ መብት ስለሌለው ሳይሆን «በስልክ ነግሬያታለሁ» ሲል ነው። እሷ አልሰማሁም ትላለች፣ አለቀ።

እህቴ፣ አንቺም የጥርን ኪራይ በቀኑ አስገቢ። ባንኩ ምክንያት ሲጠይቅ «የጥር 2018 የቤት ኪራይ» ብለሽ ሙላው። ባዶ አትተዪው። 7,000 ብር አንድ ጊዜ ከከፈልሽ ግን በአዲሱ ዋጋ ተስማማች ይባላል፣ መመለስ ከባድ ነው። «ለጊዜው ልክፈልና እከራከራለሁ» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት።

ቸቸላ፦ እኔ ግን በሕግ ብቻ አትሂጂ እላለሁ። አንድ ግቢ ነው የምትኖሩት። ሽማግሌ ልከሽ 5,200 ወይም 5,500 ላይ ተስማሙ። የካቲት ላይ መውጣትሽ ካልቀረ ማራኪ አካባቢ በ4,500 ሁለት ክፍል ከየት ታገኛለሽ? የዩኒቨርሲቲው ልጆችና መምህራን ናቸው የሚሻሙት።

የማራኪዋ፦ ስለሱም አስቤያለሁ። 5,500 ብል ደግሞ በስድስት ወር ተመልሶ ይደውላል።

የችሎት ደጅ፦ ከተስማማሽ አዲስ ውል ጻፉ፣ በሁለት ዓመት። ዋጋው እስከ መቼ እንደማይነካ በግልጽ ይግባበት። በጽሑፍ ያልሆነ 5,500 የሚቀጥለው ጭማሪ መነሻ ብቻ ነው።

አዘዞ ሰፈር፦ አንድ ነገር። ቤቱን ሸጬዋለሁ ቢላትስ? ይህ ዘዴ ሰሞኑን በዝቷል።

የችሎት ደጅ፦ አዋጁ በሚሠራበት ቦታ፣ ቤት በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሲዞር ተከራይ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ አለው። «ተሽጧል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ገዢው ራሱ ይምጣ፣ ስሙ የዞረበትን ካርታ ያሳይ።

ባለ ቤቱ፦ ስድስት ወር! ገዢው ራሱ የሚኖርበት ቤት ፈልጎ ቢሆንስ የገዛው?

የማራኪዋ፦ ጋሼ፣ የኔው ገና አልተሸጠም፣ አያስጀምሩብኝ። ለማንኛውም ሰኞ ጠዋት ከተማ አስተዳደሩ ሄጄ ማመልከቻውን አስገባለሁ። ከኔ ጋር የሚሄድ ካለ ማራኪ በር ላይ 2:30 እንገናኝ።

ፒያሳ ሱቅ፦ እኔ እመጣለሁ። የሱቄን ነገርም እግረ መንገዴን እጠይቃለሁ።