ብላይንዱን መስኮቱ ውስጥ ላስገባው ወይስ ግድግዳው ላይ ልስቀለው?

ሰላም ወገኖች፤ ከደብረ ማርቆስ ነው። የእናቴ ቤት የጭቃ ነው። ለመኝታ ቤቷ ብላይንድ ላሠራ ስለካ ግራ ገባኝ። የመስኮቱ ወርድ ከላይ 118.4፣ መሀል 117.9፣ ታች 117.2 ሳንቲ ሜትር መጣ። ታች ልስኑ አብጧል፤ በእጄ ስዳብሰው ይታወቀኛል።

ውስጥ ከገባ ትንሹን ልክ፣ 117.2ን ነው የምሰጠው። ለመንቀሳቀሻ የሚቀነሰውን ሠሪው ራሱ ይቀንሳል፤ እኔም ከቀነስኩ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ግን ከላይ በኩል ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ይቀራል። የጠዋት ፀሐይ ደግሞ በቀጥታ ትራሷ ላይ ነው የምታርፈው፤ እንቅልፍ የላትም።

ውጭ ግድግዳው ላይ ቢሆን በየጎኑ 10 ልጨምር አስቤ ነበር። በቀኝ ግን ቁም ሳጥኑ 6 ብቻ ነው የሚተወኝ። በግራ 10፣ በቀኝ 6 አድርጌ 134.4 ብዬ ልዘዝ? ብርሃኑ በቀኝ ሾልኮ ይገባ ይሆን? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።