የ2019 ዓ.ም. የወቅት ዋጋ ረቂቅ፦ በቀን የምናከራይ ባለቤቶች የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ
የተከበራችሁ አባላት፣ በአዲስ አበባ ሕንፃችን ውስጥ ፈርኒሽድ ቤቶቻችሁን በቀንና በሳምንት የምታከራዩ ሁሉ፣ ከዚህ በታች ያለውን ረቂቅ ለጠቅላላ ጉባኤው ከማቅረቤ በፊት እንድታርሙልኝ እጠይቃለሁ። ረቂቁ የዘንድሮውን የ2018 ሠንጠረዥ መነሻ ያደረገ ነው። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 15 ዋጋ የሚጨመርበት፣ ከየካቲት 9 እስከ ሚያዝያ 3 እንዲሁም ሐምሌና ነሐሴ ዋጋ የሚቀነስበት፣ የቀረው ደግሞ መደበኛ ወቅት ነው። ለባለ ሁለት መኝታ ቤት መደበኛው 6,000 ብር ሆኖ ዋጋ በሚቀነስበት ቀዝቃዛ ወቅት ሩቡ እንዲቀነስ፣ ከ4,500 ብር በታች ግን ማንም እንዳያከራይ የሚል ሐሳብም ተካቷል።

የብሎክ አንድ ባለቤት
በረቂቁ እስማማለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ስለሆነ ጎብኚ አይመጣም፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ሩብ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ብንቀንስ ይሻላል እላለሁ።

የብሎክ ሦስት ባለቤት
ወንድማችን ስለ ጎብኚው የተናገሩት ልክ ነው፤ ክረምት ለአገር ጎብኚ አይመችም። የእኛ ሕንፃ እንግዳ ግን በአብዛኛው ጎብኚ ሳይሆን ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ ዳያስፖራ ነው፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ከአሜሪካና ከአውሮፓ መምጣት የሚችለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቤቴ በሐምሌ ባዶ የዋለበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚመጡት ቤተሰቦችም ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያሉ። ስለዚህ የክረምቱን የሌሊት ዋጋ መደበኛ አድርገን፣ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ብቻ መጠነኛ ቅናሽ ብናደርግ ይበቃል።

ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት ግን የካቲት ላይ ነው። ረቂቁ ቅናሹን ከየካቲት 9 ያስጀመረው በ2018 ዐቢይ ጾም የገባው በዚያ ቀን ስለነበረ ነው። ጾሙ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ለሠርግ የሚመጣው እንግዳም አብሮ ይቀራል። በ2019 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ሠንጠረዡን እንዳለ ብንገለብጠው ሠርግ የሚደገስባቸውን ሃያ ቀናት በቅናሽ እንሰጣለን፤ ጾሙ ገና ሳያልቅ ደግሞ ከሚያዝያ 4 ጀምሮ መደበኛ ዋጋ ጠይቀን ባዶ ቤት እንጠብቃለን። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤም ብዙውን ጊዜ የሚውለው በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ረቂቁ «ከየካቲት 9» በማለት ፈንታ «ከጾሙ መግቢያ እስከ ፋሲካ ዋዜማ» እንዲል እጠይቃለሁ።

የብሎክ አራት ባለቤት
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ቤቴን ለአንድ ቤተሰብ በሁለት ዓመት ውል አከራይቻለሁ። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት በጥር ጨምሬ በመጋቢት መቀነስ እችላለሁ ማለት ነው?

ጸሐፊው
አይደለም። የእርስዎ ውል በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚታይ ነው፤ ጭማሪውም በዚያው አዋጅ ሥርዓት የሚወሰን ስለሆነ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ሊያደርጉት አይችሉም። ይህ ውይይት የሚመለከተው በቀን የሚያከራዩትን ብቻ ነው።

ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ከ4,500 ብር በታች ማንም እንዳያከራይ» የሚለው ሐረግ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች በመስማማት ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል። እያንዳንዳችን እርስ በርስ የምንወዳደር አከራዮች ነን። ማኅበሩ የበዓላቱን ቀን ማውጣትና ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ይችላል፤ የብሩን መጠን ግን ለየባለቤቱ መተው አለበት።

የብሎክ ሁለት ባለቤት
ጸሐፊያችን ያሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዋጋ ወለል ካልተበጀ አንዱ ሲቀንስ ሌላው እየተከተለ ሁላችንም እንጎዳለን። በመጋቢት አንድ ጎረቤቴ በ3,000 ብር ሲያከራይ የእኔ ቤት ባዶ ነበር።

የብሎክ ሦስት ባለቤት
የእርስዎ ቅሬታ ይገባኛል። ሆኖም ወለሉ ለሁሉም አንድ ሊሆን አይችልም፤ እያንዳንዱ ባለቤት ከገዛ ወጪው ሊያገኘው ይገባል። የራሴን ቤት ላሳያችሁ። እንግዳ በገባ ቁጥር ለጽዳትና ለአንሶላ እጥበት 1,200 ብር፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት ደግሞ ለመብራት፣ ለውኃና ለሳሙና 500 ብር ያህል አወጣለሁ። የጋራ መዋጮው፣ ጥበቃውና ኢንተርኔቱ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ስለሚከፈሉ በዚህ ውሳኔ ውስጥ አላስገባቸውም። አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ 1,700 ብር ያስወጣኛል፤ ሰባት ሌሊት የሚያድረው ግን በሌሊት 670 ብር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ ወለል በቆይታው ርዝመት ይለወጣል፤ በቀዝቃዛው ወቅት ቅናሹን ረዘም ላለ ቆይታ እንጂ ለአንድ ሌሊት የማልሰጠውም ለዚህ ነው።

አምና በመጋቢት በ6,000 ብር አራት እንግዶች በድምሩ ስምንት ሌሊት አደሩ። ከገባው 48,000 ብር ላይ 4,000 ለሌሊቶቹ፣ 4,800 ለጽዳት ወጥቶ 39,200 ቀረ። ዘንድሮ በመጋቢት ረዘም ላለ ቆይታ ዋጋውን ወደ 4,500 አወረድኩት፤ ሦስት እንግዶች 17 ሌሊት አድረው 64,400 ብር ተረፈኝ። ነገር ግን ቅናሹ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። በ4,500 ብር ሦስት እንግዶች አሥር ሌሊት ብቻ ቢያድሩ ኖሮ ከአምናው ያነሰ አገኝ ነበር፤ የሚያዋጣው ከአሥራ አንደኛው ሌሊት ጀምሮ ነው። በወሩ አጋማሽ ላይ የተያዙትን ሌሊቶች ቆጥሬ፣ ወደ አሥራ አንድ እንደማይደርሱ ካየሁ ከዚያ በላይ አልቀንስም፤ ምክንያቱም ቤቱ ባዶ የቀረው ዋጋው ተወድዶ ሳይሆን እንግዳው ራሱ ጠፍቶ ነው።

የብሎክ አምስት ባለቤት
እኔ ስለ ገና የደረሰብኝን ልናገር። አምና በመስከረም ወር አንድ እንግዳ ከታኅሣሥ 27 እስከ 30 በጥሩ ዋጋ ሲጠይቀኝ በደስታ ተቀበልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 13፣ ማለትም ከገና በፊት እስከ ጥምቀት ማግሥት የሚቆይ ቤተሰብ ጠየቀኝ፤ በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ምክንያት ሃያ ሦስቱን አጣሁ። በገናና በጥምቀት መካከል ያሉት ቀናትም አብዛኞቹ ባዶ ቀሩብኝ።

የብሎክ ሦስት ባለቤት
እህታችን የጠቀሱት ከዋጋ ጭማሪው ይልቅ የሚከብደው ጉዳይ ነው። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 15 ባለው ጊዜ ቢያንስ ሰባት ሌሊት የማይቆይ እንግዳ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ባንቀበል መልካም ነው። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ በሁለት ቆይታዎች መካከል የሦስት ወይም የአራት ሌሊት ክፍተት የቀረው ሰው ግን ገደቡን ለዚያ ክፍተት ብቻ ያንሣ፤ አለበለዚያ ክፍተቱ በማንም አይሞላም።

የብሎክ ስድስት ባለቤት
የእኔ እንግዶች በብዛት ከሳውዲና ከኤምሬትስ ለዒድና ለአረፋ የሚመጡ ናቸው፤ ረቂቁ ግን እነዚህን በዓላት አላነሣቸውም። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ስለሚመጡና ቁርጡ በጨረቃ ስለሚታወቅ፣ ቀኑን ግራና ቀኝ በጥቂት ቀናት አስፍተን ብናስቀምጠው።

ሰብሳቢዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዝቅተኛ ዋጋውን ሐረግ አውጥቼዋለሁ፤ በምትኩ የወጪ ማስሊያ ቅጽ ይያያዛል፤ እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ ሞልቶ ለራሱ ይይዘዋል። ቅናሹ ከጾሙ መግቢያ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ተብሏል፤ ሐምሌና ነሐሴ ወደ መደበኛ ተመልሰዋል፤ ዒድና አረፋም ገብተዋል። የሰባት ሌሊቱ ገደብ እንደ ምክር ተጽፏል።

ሁለት ነገሮች አልተቋጩም። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ቀን እስኪገለጽ ድረስ የካቲትን በመደበኛ ዋጋ ክፍት እናድርግ ወይስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዘግተን እንጠብቅ በሚለው አልተስማማንም፤ በጉባኤው ሰሞን መንገድ ስለሚዘጋ የእኛ ሕንፃ ምን ያህል እንደሚጠቀምም እጠራጠራለሁ። የብሎክ ሁለት ባለቤት ያነሡት የጎረቤት ዋጋ መስበር ጉዳይም መልስ አላገኘም። ጸሐፊው የአዋጁን ጉዳይ ከሕግ ባለሙያ በጽሑፍ እንዲያጣሩልን አደራ እላለሁ፤ ረቂቁም መልሱ እስኪመጣ ለጠቅላላ ጉባኤው አይቀርብም።