ለኔትወርኪንግ ፈተና 8 ሳምንት ቀረኝ፣ ላብ ግን ቅዳሜ ብቻ ነው

ቡና_በኬብል (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የኔትወርኪንግ መግቢያ ፈተናዬ ከ8 ሳምንት በኋላ ነው። ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ ራውተርና ስዊች ላይ ነው። ኮሌጁ ላብ የሚያስገባን ቅዳሜ 2 ሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም አንድ ራውተር ለ4 ሰው። ቤት 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ሰብኔቲንግ ጭራሽ አልገባኝም። ሳምንቶቹን እንዴት ልከፋፍላቸው?

ጠንቃቃው
ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ ላይ ራውተር እንዲሠራልህ ጂኤንኤስ3 ጫን። ልክ እንደ እውነተኛው ራውተር ነው፣ ፓኬት ትሬሰር የልጆች መጫወቻ ነው።

የላብ_ሰው
@ጠንቃቃው እውነትህን ነው፣ ጂኤንኤስ3 ይበልጥ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ግን የራውተሩን ሶፍትዌር ራስህ ፈልገህ ማምጣት አለብህ፣ 4 ጊጋ ራምም ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ፈተና ፓኬት ትሬሰር ይበቃል። በነጻ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ አካውንት ይገኛል። ሲከፈት ሎግኢን ስለሚጠይቅ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ግባና `Keep me logged in` የሚለውን አብራው።

የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ላፕቶፑን ተወው፣ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ። በቀን አንድ ጥያቄ ሥራ። ለምሳሌ 192.168.10.0/24 ተሰጥቶህ ለ60 ኮምፒውተር፣ ለ28 ኮምፒውተር፣ ለ12 ኮምፒውተርና ሁለት ራውተር ለሚያገናኝ መስመር አዳርስ ተባልክ እንበል። ሁሌ ከትልቁ ጀምር። 60ው የ64 ብሎክ ይፈልጋል፣ ከ0 እስከ 63፣ /26 ነው። 28ቱ ከ64 እስከ 95፣ /27። 12ቱ ከ96 እስከ 111፣ /28። ማገናኛው ከ112 እስከ 115፣ /30። ከትንሹ ጀምረህ 12ቱን 0 ላይ ብታስቀምጥ 60ው ከ16 መነሳት አይችልም፣ ምክንያቱም የ64 ብሎክ የሚነሳው ከ0፣ ከ64፣ ከ128 ወይም ከ192 ነው። መነሻው ለብሎኩ ያለ ቀሪ ካልተካፈለ ስተሃል ማለት ነው።

3ኛና 4ኛ ሳምንት ቪላንና ትረንክ፣ 5ኛው ስታቲክ ራውት፣ 6ኛው ዲኤችሲፒና አክሰስ ሊስት። የመጨረሻዎቹን 2 ሳምንታት አዲስ ነገር አትንካ። የሠራኸውን ፋይል ጓደኛህ አንድ ቦታ ያበላሽልህ፣ አንተ ሰዓት ይዘህ ፈልገው።

ቡና_በኬብል
አመሰግናለሁ፣ ግን ሴት ነኝ 😄 ቅዳሜ ላይስ ምን ልሥራ?

የላብ_ሰው
ይቅርታ እህቴ። ቤት የማይሠራውን ብቻ። ኮንሶል ኬብል ሰክቶ መግባትና ዕቃውን ማጽዳት። ቀድሞ የገባው ክፍል ውቅሩን ትቶት ስለሚሄድ መጀመሪያ ስዊቹን አጽጂ፦

```
erase startup-config
delete flash:vlan.dat
reload
```

ሁለተኛዋን መስመር ሰው ይረሳታል። ቪላኖቹ የሚቀመጡት ፍላሽ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያዋ አትነካቸውም። `reload` ስትዪ ውቅሩን ላስቀምጥ ወይ ካለሽ `no` በዪው፣ አለበለዚያ ያጠፋሽው ይመለሳል። ትእዛዞቹን አርብ ማታ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ። ተራሽ ሲደርስ የምታስቢበት ጊዜ የለም።

ቡና_በኬብል
ምሳሌህን ትሬሰር ላይ ሠራሁት። 60ው አንደኛው ራውተር ጋ፣ 28ቱ ሁለተኛው ጋ። አንደኛው ላይ ራውት ጽፌያለሁ፣ ፒንግ ሳደርግ ግን አራቱም `Request timed out` ይላሉ።

ማታ_ማታ
ሁለተኛው ላይ የመመለሻ ራውት ጽፈሻል? ፒንጉ ይደርሳል፣ መልሱ ግን መንገድ የለውም። የአንደኛው ራውተር አድራሻ 113 ከሆነ ሁለተኛው ላይ ይህን ጻፊ፦

```
ip route 192.168.10.0 255.255.255.192 192.168.10.113
```

ከራስሽ ጌትዌይ `Destination host unreachable` ቢመጣ ኖሮ የጎደለው የመሄጃው ራውት ነበር። ሁለቱን ለይተሽ ካወቅሽ ፈተና ላይ ግማሽ መንገድ ሄድሽ። የመጀመሪያዋ ብቻ `timed out` ብላ ሌሎቹ ካለፉ ግን ተይው፣ ኤአርፒ እስኪጠይቅ ነው።

ቡና_በኬብል
ሠራ! እሱው ነበር።

ከሻርጃ
እኔ ላፕቶፕ የለኝም፣ ከሥራ በኋላ በስልክ ነው የማጠናው። ለኔም የሚሆን ነገር አለ?

ጠንቃቃው
ስዊችና ስዊች በክሮስኦቨር ኬብል ብቻ ነው የሚገናኘው፣ እሱን እንዳትረሺ።

የላብ_ሰው
አዲሶቹ ስዊቾች ኬብሉን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ በቀጥተኛውም ይሠራል። ወረቀት ላይ ከተጠየቅሽ ግን ብዙ አስተማሪ የሚጠብቀው ክሮስኦቨር ነው። አስተማሪሽን ቀድመሽ ጠይቂው። @ከሻርጃ ሰብኔቲንጉ ስልክም አይፈልግም፣ ከላይ ያለውን ጥያቄ ቁጥሩን እየቀያየርክ ሥራ። ለራውተሩ ክፍል በስልክ የሞከረ ሰው ካለ ይንገረው።