ሞተሩ ይዞራል፣ እሳቱ ግን አይያዝም፦ የጫጩት ቤት የናፍጣ ማሞቂያ

ገነት፣ ደብረ ብርሃን
ለጫጩት ቤት የምንጠቀምበት 30 ኪሎ ዋት የናፍጣ ማሞቂያ አለን፤ ያ እንደ በርሜል ተጋድሞ በፋን ሙቀት የሚገፋው ዓይነት። ስናበራው ሞተሩም ፋኑም ይዞራል። አንዳንዴ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ወደ 15 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ናፍጣው ክረምቱን ሙሉ ደጅ ከቆመ በርሜል የተቀዳ ነው። አንድ ሠራተኛ ኖዝሉ ተበላሽቷል ይቀየር ብሎናል። ጫጩቶቹ ሐሙስ ይገባሉ፤ ከምን ልጀምር?

ዳዊት ጋራዥ
ኖዝሉ ነው፣ ግን አይቀየርም። ፍቺውና በቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን ጎርጉሪው። ናፍጣው ውሃ ካለበት ደግሞ ትንሽ አልኮል ጨምሪበት፣ ውሃውን ይዞት ይቃጠላል።

ሚኒሶታ ያለሁ
የእኔም እንዲሁ አልያዝ ብሎኝ ነበር። ክሩ ውሃ ጠጥቶ ላምባውን አልስብ ብሎ ነው። አውጥቼ አድርቄ መለስኩት፣ ያዘ። ክሩን እዪው።

መካኒክ አበበ
ሚኒሶታ ያለኸው ወንድሜ፣ የገነት ማሞቂያ ክር የለውም። ከኋላው ያለች ትንሽ ፓምፕ አየር ትገፋለች፣ አየሩ በኖዝሉ ውስጥ ሲያልፍ ናፍጣውን ከታንኩ ስቦ ይረጨዋል፣ ካንዴላው ያቀጣጥለዋል። ውሃን በተመለከተ ግን ያልከው እዚህም ይሠራል።

እህቴ ገነት፣ ኖዝሉን ሳትነኪ በጠርሙስ ጀምሪ። ሶኬቱን ንቀዪ። ከታንኩ ሥር የማፍሰሻ ቡሎን ካለ ፈትተሽ የመጀመሪያውን ግማሽ ሊትር በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዢ። ቡሎን ከሌለው ማሞቂያውን ወደ አንድ ጎን አጋድለሽ ከዝቅተኛው ጥግ በእጅ ፓምፕ ሳቢ፤ በአፍ አይሳብም። ከላይ ከቀዳሽ ሁልጊዜ ንጹሕ ናፍጣ ነው የምታገኚው፣ ያታልልሻል። ጠርሙሱን ግማሽ ሰዓት ሳትነኪው አስቀምጪ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ መለያያውም ጥርት ብሎ ይታያል። ናፍጣው በሙሉ ወተት የነካው መስሎ ከደፈረሰ ውሃው ገና ተበትኖ ነው፣ እስከ ማግስቱ ይደር።

ውሃውን ያስጠረጠረኝ ጠሽታው ነው። የናፍጣ መምጠጫው ቱቦ ከታንኩ ወለል ትንሽ ከፍ ስለሚል ጥቂት ውሃ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳያደርግ ሊቀመጥ ይችላል። ሲበዛ ወይም ማሞቂያው ሲንቀሳቀስ ግን ከናፍጣው ጋር ይሳባል፣ እሳቱ ዘንድ ሲደርስ ጠሽ ይላል፣ ነበልባሉን ያቋርጠዋል። የናይለን ፊልትሮው ደግሞ አንዴ ውሃ ከጠጣ ናፍጣውን በደንብ አያሳልፍም። ውሃው ታንኩን ያዝጋል፣ የዝገቱ ዱቄት ኖዝሉን ይደፍናል። ስለዚህ ኖዝሉ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ ታንኩ ሳይጸዳ አዲስ ብትገጥሚም ግን በቅርቡ ይደፈናል።

ውሃ ካገኘሽ ታንኩን ሙሉ በሙሉ አፍስሺ፣ አንድ ሁለት ሊትር ነጭ ጋዝ ጨምረሽ አለቅልቂና ድፊው፤ ወደ በርሜሉ አትመልሺው። ፊልትሮውን ቀይሪ። የናፍጣውን ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ፈትተሽ በኮምፕረሰር ንፊው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኖዝሉ። የአየሩና የናፍጣው ቱቦ እንዳይለዋወጡብሽ ከመፍታትሽ በፊት ምልክት አድርጊባቸው። ኖዝሉ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ቁልፍ ይፈታል። ቆሻሻው ከኋላ መጥቶ የተሰነቀረ ስለሆነ አየሩን ከፊት ቀዳዳ ወደ ኋላ ነው የምትነፊው። ሽቦ ግን በፍጹም። ዳዊት ወንድሜ፣ ቀዳዳው ከተጫረ ርጭቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጠብታውም ይተልቃል፤ ቢይዝም ጥላሸት እያወጣ ነው የሚነደው። አልኮሉም ለእርጥበት ያህል ካልሆነ ተለይቶ የተኛን ውሃ አያነሳም፣ ጎማ ቱቦዎችንም ይጎዳል። ኖዝሉን ስትመልሺ እስኪቀመጥ ድረስ አጥብቂ፣ ከዚያ የአንድ ዙር ሲሶ ብቻ ጨምሪ።

ነጭ ጭሱም አንድ ነገር ይናገራል፦ ናፍጣ እየተረጨ ነው፣ ግን አልነደደም። ካንዴላውን አውጥተሽ ጥላሸቱን ጥረጊ፣ ሸክላው ተሰንጥቆ እንደሆነ እዪ፣ ክፍተቱን ከማሽኑ መመሪያ ጋር አስተያዪ። ጭስም ሽታም ጭራሽ ከሌለ ግን ናፍጣው አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ፊልትሮውን፣ ኖዝሉንና የአየሩን ግፊት ነው የምታዪው።

አንዴ ሳይዝ ከቀረ ደጋግመሽ አታብሪው። ያልነደደው ናፍጣ ከማቃጠያው ውስጥ ይጠራቀምና በኋላ ሲይዝ በአንዴ ይነድዳል። 10 ደቂቃ ጠብቂ። ከጥገናው በኋላም መጀመሪያ ደጅ አውጥተሽ አንድዪው፤ የቀረው ጭስ ጫጩት ቤት ውስጥ መውጣት የለበትም። ጢስ ማውጫ የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚነደው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ስለሚቀር መተንፈሻ ሳትከፍቺ እንዳትጠቀሚበት።

ገነት፣ ደብረ ብርሃን
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ቡናማ ውሃ ተኛ። ታንኩን አጥበን፣ ፊልትሮ ቀይረን፣ ኖዝሉን ነፋነው። አሁን ወዲያው ይይዛል፣ ነበልባሉም ጥሩ ነው። ግን ጥቂት ሰከንድ ነዶ ድርግም ይላል። ውሃ ቀርቶ ይሆን?

መካኒክ አበበ
አሟሟቱን እዪ። ነበልባሉ እየቀነሰ፣ እየተንገዳገደ ከጠፋ ናፍጣ ወይም አየር አጥሮታል። ሙሉ ሆኖ እየነደደ በአንዴ ከጠፋ፣ ያውም ሁልጊዜ በተቀራራቢ ሰከንድ፣ እሳቱን የምታየው የማሽኑ ዓይን ናት። እሳት ካላየች ሞተሩን ታጠፋለች። ያ ሁሉ ነጭ ጭስ ጥላሸት ቀብቷት ይሆናል። ሶኬቱን ንቀዪና ከመያዣዋ አውጥተሽ በንጹሕ ጥጥ ጥረጊያት፣ ስትመልሻትም ፊቷ ወደ ነበልባሉ መሆኑን አረጋግጪ።

በርሜሉንም አትርሺ። ቆሞ ሲቀመጥ ዝናብ ክዳኑ ላይ ይጠራቀማል፣ ማታ በርሜሉ ሲቀዘቅዝ በቡሽ ክሩ በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጥላ ሥር አጋድሚው፣ ሁለቱ ቡሾች ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ይሁኑ። ለመቅዳት ስታቆሚው አንድ ቀን ይረፍ፣ የፓምፑም ጫፍ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ይበል።

ሰላም ኤሌክትሪክ
መብራቱንም አይታችሁታል? ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩ ይዘገያል፣ የአየሩ ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ማታ ማታ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ሶኬቱን በቴስተር ለኩት።

ዳዊት ጋራዥ
የሽቦውን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱን ከፍ ማድረግ አይሻልም?

መካኒክ አበበ
ግፊት ስትጨምር የሚሳበው ናፍጣም ይጨምራል፤ በስስ አየር ላይ ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስ ነው የሚያመጣው። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ይሥራ።

ሰላም ኤሌክትሪክ
እኔ እንዲያውም እዚያ ከፍታ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ መደረግ አለበት ባይ ነኝ።

መካኒክ አበበ
የነበልባሉን ቀለም ሳላይ ዝቅ አድርጊ አልላትም። ገነት፣ ዓይኗን ከጠረግሽ በኋላ 20 ደቂቃ አንድደሽ ከኋላ ያለው ጌጅ ስንት እንደሚያነብ ጻፊልኝ። ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ የፓምፑን የካርቦን ምላሶች እንፈትሻለን።

ገነት፣ ደብረ ብርሃን
ዓይኗ በጥላሸት ጠቁራ ነበር፣ ስንጠርጋት መንደዱን ቀጠለ። ጌጁ ግን መስታወቱ ተሰብሯል፣ መርፌው አይንቀሳቀስም። ሌላ ጌጅ እስካገኝ ፓምፑ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?