አንድ መጽሔት፣ ሁለት ድረ ገጽ፦ እውነተኛው የቱ ነው?

በአሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ስለመጨመር የሠራሁትን ጥናት ለአንድ የግብርና መጽሔት ልልክ ስል ግራ ገብቶኛል። በዚያው ስምና የመጽሔት መለያ በሆነው በዚያው የአይኤስኤስኤን ቁጥር ሁለት ድረ ገጾች አሉ። ቁጥሩን portal.issn.org ላይ ፈልጌ ትክክለኛ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ ግን አልጠቀመኝም፤ ቁጥሩን ማንም ገልብጦ መለጠፍ ይችላልና።

አንደኛው ገጽ ያረጀ ነው። የድሮ እትሞች በሙሉ አሉት፤ አዘጋጆቹ ግን ለኢሜይሌ መልስ አልሰጡም። ሁለተኛው ያማረ ነው፤ በአንድ ሳምንት ገምግመን እናትማለን ይላል፣ 400 ዶላርም ይጠይቃል። መጽሔቱ የቆየ ሆኖ ሳለ የዚህኛው ማህደር የሚጀምረው ከ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከአንድ ጽሑፍ ላይ የጽሑፉ ቋሚ መለያ የሆነውን የዲኦአይ ቁጥር ወስጄ doi.org ላይ ባስገባው አልተገኘም አለኝ። የሌላው ጽሑፍ ቁጥር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ አሳታሚ ያወጣውን ጥናት ከፈተልኝ። ለእኔ ይህ ከውድ ክፍያው የበለጠ የሚያስደነግጥ ምልክት ነው።

የተሻሩ ጥናቶችን የሚከታተለው ሪትራክሽን ዎች፣ አስመሳዮች በስማቸው ሐሰተኛ ድረ ገጽ የከፈቱባቸውን ማለትም የተጠለፉ መጽሔቶችን ዝርዝር ያወጣል፤ በዚያ ውስጥ የመጽሔቱ ስም የለም፤ አለመኖሩ ግን ንጹሕ ነው አያሰኝም። ይበልጥ ያወሳሰበብኝ የምርምር ጽሑፎች መዝገብ የሆነው ስኮፐስ ነው፦ በመጽሔቱ ስም ከተመዘገቡት የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ጥቂቶቹ የሚገኙት በዚሁ በምጠረጥረው ገጽ ላይ ብቻ ነው። አስመሳዮች ጽሑፎቻቸውን እዚያ ድረስ ማስገባት እንደቻሉ አውቃለሁ፤ የትምህርት ክፍሌ ግን የሚቀበለው የስኮፐስን ምዝገባ ነው።

የቀድሞው አሳታሚ ዝም ካለና ስኮፐስም ራሱ ከተቀላቀለበት፣ የመጽሔቱን እውነተኛ ባለቤት በምን ማስረጃ ማረጋገጥ እችላለሁ?