የቆየ ቪዲዮ ርዕስ በፍለጋ ቃላት ይለወጥ?

ሰላማዊት፦ «የእናቴ እንጀራ» ያልኩት የ14 ደቂቃ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቷል። የፍለጋ ቃላቱን ሪፖርት ስከፍት ብዙ ሰው ያመጣው «injera recipe» ነው፤ «እርሾ አሰራር» ግማሹንም አይሞላ። ርዕሱን በብዙኃኑ ቃል ልለውጠው ወይስ እንዳለ ይቅር?

ሙሉጌታ፦ ምን ያጠያይቃል? ብዙ ሰው ወዳለበት ነው። ታጉ ውስጥም የእንጀራን ስም በየዓይነቱ ሙዪበት።

ዳዊት፦ አትቸኩዪ። መጀመሪያ የሪፖርቱን ጊዜ ከ28 ቀን ወደ 365 ቀን ዘርጊው፤ በአንድ ወር ጥቂት ሰው ያመጣ ቃል ምንም አይናገርም። ከዚያ በየቃሉ አንጻር አማካይ የእይታ ጊዜውን ተመልከቺ።

ሰላማዊት፦ «injera recipe» ብለው የመጡት 50 ሰከንድ ያህል ቆይተው ይወጣሉ። «እርሾ አሰራር» ያሉት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይቆያሉ።

ዳዊት፦ በእንግሊዝኛ የፈለገው ምናልባት አማርኛ አይሰማም። በእርሱ ቃል ብትጠሪው ገብቶ የሚወጣው ይበዛል እንጂ ቪዲዮው አይነሳም። «እርሾ ከባዶ አዘገጃጀት ለጤፍ እንጀራ» በዪው። 100 ፊደል ቢፈቀድም ስልክ ላይ የርዕሱ ጭራ ይቆረጣልና «እርሾ» ከፊት ይቅደም። የመግለጫው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም ይህንኑ ይናገር። እናትሽን እዚያ አንሺያቸው።

ሙሉጌታ፦ ታጉስ?

ዳዊት፦ ሚናው ትንሽ እንደሆነ ዩቲዩብ ራሱ ይናገራል፤ የሚጠቅመው ሰው አዘውትሮ ለሚያሳስተው አጻጻፍ ነው። «አሠራር»ም «ersho»ም እዚያ ይግቡ። ቃላቱን መግለጫው ውስጥ መደርደር ግን በደንቡ የተከለከለ ነው።

ወይዘሮ አስቴር፦ እኔ የልጆች ተረት ቪዲዮዬን ርዕስ በዚሁ ሪፖርት ለወጥኩና ተመልካቹ ጭራሽ ቀነሰ።

ዳዊት፦ ሰው ይመጣልዎ የነበረው ከፍለጋ ነበር?

ወይዘሮ አስቴር፦ ኧረ አይደለም! አብዛኛው ከሌላ ቪዲዮ ጎን ሲጠቆም አይቶ ነው።

ዳዊት፦ እንግዲያው ሪፖርቱ የጥቂቶቹን ፍላጎት ነው የነገረዎ፤ ርዕሱ የተለወጠው ግን ለሁሉም ነው። ሰላማዊት፣ አንቺም የትራፊክ ምንጮችሽን ሳታዪ እንዳትነኪው።

ሰላማዊት፦ አብዛኛው ከፍለጋ ነው።

ደረጀ፦ አንድ ነገር ተዘለለ። ሪፖርቱ የሚያሳየው አግኝቶሽ የተጫነውን ሰው ቃል ብቻ ነው። ፈልጎ ያጣሽ፣ አይቶሽም ያለፈሽ እዚያ የለም። በዚህ ብቻ ከተመራሽ ድሮም ያገኙሽን ሰዎች ነው የምታሳድጂው።

ዳዊት፦ ልክ ነህ። መፈለጊያው ላይ «እርሾ» ብለሽ ጻፊና ከሥር የሚዘረዝራቸውን አስተያዪ። ብቻ ቪዲዮው የማይመልሰውን ጥያቄ ርዕስ አታድርጊ። ሽፋን ምስሉንም አሁን አትንኪ፤ ሁለቱን አብረሽ ከለወጥሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ለውጡ የገባበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ፤ በኋላ ተመሳሳይ የቀን ብዛት ወስደሽ አነጻጽሪ። በጾም ሰሞንና በበዓል ዋዜማ ግን አትለኪ፤ የምግብ ፍለጋ ያኔ በራሱ ይለዋወጣል።

ደረጀ፦ «ersho» ግን ርዕሱ ላይ ይግባ እላለሁ። አሜሪካ ያደጉት ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደሉን አይጽፉም።

ዳዊት፦ ርዕሱን ያንዛዛዋል። ታግ ይበቃዋል።

ደረጀ፦ ሚናው ትንሽ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?